«የለቀቁበት ምክንያት»

የሥራ ማመልከቻ ቅጽ የሞላ ሰው ያችን ጠባብ ሳጥን ያውቃታል። ስም፣ የትምህርት ደረጃ፣ የቀድሞ መሥሪያ ቤትና የደመወዝ መጠን ከተሞሉ በኋላ «የለቀቁበት ምክንያት» የምትል ሳጥን ትመጣለች። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው «ለተሻለ ሥራ» ብሎ ያልፋታል። በቅነሳ የወጣ ወይም የተሰናበተ ሰው ግን እዚህ ሲደርስ እስክሪብቶውን ያነሳል። አንዳንዱ ባዶ ይተዋታል፣ አንዳንዱ «በራስ ፈቃድ» ብሎ ይጽፋል። ሲቪ ላይ ደግሞ ከሁሉ የበዛው አንድ ዘዴ ነው፤ ሥራው ካቆመ ወራት ቢያልፉም «እስከ አሁን» የሚለው ቃል ከቦታው አይነሳም።

ይህ ጭንቀት ባለፉት ዓመታት ብዙ ቤት ገብቷል። ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ የምትገባበት የአጎዋ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሲቋረጥ፣ ለዚያ ገበያ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ቀንሰዋል፣ የተዘጉም አሉ። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆምና ዩኤስኤአይዲ ቆይቶ ሲዘጋ፣ በጤና፣ በግብርናና በዕለት ዕርዳታ ፕሮጀክቶች ላይ የነበሩ ባለሙያዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደብዳቤ ደረሳቸው። እነዚህ ሰዎች የሠሩት ጥፋት የለም። ሲቪያቸውን ሲጽፉ ግን እንደ ጥፋተኛ ይሸማቀቃሉ።

ሲቪውን ከመንካት በፊት የተሰጠችውን ደብዳቤ አውጥቶ ደጋግሞ ማንበብ ይበጃል። በሰው አፍ ሁሉም «መባረር» ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዓይን ግን የሥራ ውል መቋረጥ ዓይነቱ ብዙ ነው። በድርጅቱ ችግር ምክንያት የሚደረገው የሠራተኛ ቅነሳ በአንቀጽ 29 ለብቻው የቆመ ነው። አሠሪው ከሠራተኞች ማኅበር ወይም ከተወካዮች ጋር ሊመክር ይገባል፣ ማን ይቅር ማን ይቀነስ የሚለውም ቅደም ተከተል አለው፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ሁለት ወር ነው። በአንቀጽ 27 የሚደረገው ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ደግሞ ሠራተኛው አጥፍቷል ተብሎ የሚወሰን ነው፤ አሠሪውም ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። በሁለቱ መካከል በማስጠንቀቂያ የሚቋረጡ፣ ከጥፋት ይልቅ ከሥራ ችሎታ ወይም ከሥራው መቅረት ጋር የተያያዙ ሁኔታዎች አሉ። (የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ ስላለው እዚህ የምናወራው ስለ ግል ድርጅትና መንግሥታዊ ስላልሆኑ ድርጅቶች ነው።) ደብዳቤው ላይ የሰፈረው ምክንያት የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ሲቪ መጻፍ፣ ያልተከሰሱበትን ወንጀል እንደ ማመን ሊሆን ይችላል። በቅነሳ ወጥተው «ተባርሬ ነው» እያሉ ራሳቸውን የሚያሳንሱ ሰዎች ከሚታሰበው በላይ ናቸው።

ከቀላሉ እንጀምር። በአንድ የክልል ከተማ፣ በውጭ ዕርዳታ በሚንቀሳቀስ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ የመረጃ ባለሙያ የነበረች ሴት እናስብ። ሐምሌ 2013 ተቀጠረች፤ የካቲት 21 ቀን 2017 ውሏ ተቋረጠ። ሲቪዋን እንግሊዝኛ አድርጋ ስታዘጋጅ «የመረጃ ባለሙያ፣ ከጁላይ 2021 እስከ አሁን» ብላ ተወችው። ሐምሌ ላይ ማመልከቻዋን ያየ መሥሪያ ቤት ስልክ ደወለ። የፕሮጀክቱ ቢሮ ተዘግቷል፤ ያነሳው የዋናው መሥሪያ ቤት ሰው «እሷማ የካቲት ላይ ነው የወጣችው» አለ። የደወለው ሰው የለጋሹ ገንዘብ መቋረጡን በዜና ሰምቷል፤ በቅነሳ መውጣቷ አይደንቀውም። የገረመው «እስከ አሁን» የሚለው ነው። ይህን የደበቀች ሌላ ምን ደብቃለች ብሎ ማሰብ ይጀምራል።

ያው መስመር እንዲህ ቢጻፍስ?

«የመረጃ ባለሙያ፣ ከሐምሌ 2013 እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. (ፕሮጀክቱ የለጋሹ ድጋፍ በመቋረጡ ከታቀደለት ጊዜ በፊት ተዘግቷል)። የ12 ጤና ጣቢያዎችን ወርኃዊ ሪፖርት ሰብስቤ አጣርቻለሁ፤ ስህተት የበዛባቸውን ጣቢያዎች የመዝገብ ሠራተኞች በቦታው ተገኝቼ አሠልጥኛለሁ። በመዝጊያው ወቅት የፕሮጀክቱን መዝገቦችና ኮምፒውተሮች ለዞኑ ጤና መምሪያ በርክክብ ሰነድ አስረክቤያለሁ።»

ምክንያቱ ቅንፍ ውስጥ ገብቷል፤ ስምንት ቃል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ሥራው ተሻግሯል። «በሚያሳዝን ሁኔታ» አይልም፣ «በድንገት ያለ ርኅራኄ» አይልም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን በእኔ ግምት ከሁሉ የሚሻለው ነው። አንድን ቢሮ መዝጋት ራሱ ሥራ ነው። ንብረት ቆጥሮ ማስረከብ፣ ያልተወራረደ ሒሳብ መዝጋት፣ ሰነድ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስተላለፍ ብዙ ሰው የማያገኘው ልምድ ነው፤ በቅነሳ የወጣ ሰው ግን ያን የመጨረሻ ወር በኀዘን ስለሚያስታውሰው ሲቪው ላይ ጨርሶ አይጽፈውም። ቀጣሪ ሲያነበው ደግሞ ደመወዟ እየተቋረጠ እንኳ ሥራዋን በወጉ የጨረሰች ሰው ያያል። ስለ ራሷ ቅን ነኝ፣ ታማኝ ነኝ ብላ ከምትጽፈው ይህ ይበልጣል።

ቅንፏ ሁልጊዜ ታስፈልጋለች ማለት አይደለም። አንድ ቦታ ስምንት ዓመት ሠርቶ በቅነሳ የወጣ ሰው ሲቪ ላይ ምክንያቱን ባይጽፍም ማንም አይጠረጥረውም፤ ቀኖቹ ይበቃሉ። ቆይታው አጭር ሲሆን፣ በተለይ ሁለትና ሦስት አጫጭር ሥራ ሲደራረብ፣ «ይህ ሰው አንድ ቦታ አይረጋም» የሚል ሐሜት እንዳይነሳ ቅንፏ ትረዳለች። በ2014 ፋብሪካው የተዘጋበት፣ ሌላ ፕሮጀክት ገብቶ ደግሞ በ2017 እሱም የተዘጋበት ሰው ሁለቱንም ቢጽፍ ታሪኩ ወዲያው ይገባል።

እዚህ ላይ ሰው የማይጠረጥረው አንድ ወጥመድ አለ፤ የዘመን አቆጣጠር ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፣ ሲቪው በፈረንጆቹ። ብዙ ሰው በደፈናው ስምንት ይደምራል። ስምንት የሚደመረው ግን ከጥር እስከ ጳጉሜን ላለው ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ የሚደመረው ሰባት ነው። ያቺው ሴት ከፕሮጀክቱ በፊት የነበራትን ሥራ ጥቅምት 2010 ጀምራ ሰኔ 2013 ለቃ እንደሆነ፣ በትክክል ሲገለበጥ ከኦክቶበር 2017 እስከ ጁን 2021 ነው። በደፈናው ስምንት ብትደምር ኦክቶበር 2018 ይሆንና ያለ ጥፋቷ አንድ ዓመት ልምድ ይጠፋል። በደፈናው ሰባት የደመረ ደግሞ አንዳንዴ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ የሠራ ሊመስል ይችላል። ሲቪና ደብዳቤ ጎን ለጎን ይዞ የሚያመሳክር የሰው ኃይል ሠራተኛ ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣበት የሒሳብ ስህተት አይደለም፤ «ክፍተት ሊሸፍን ፈልጎ ነው» የሚል ነው። የማብቂያው ቀን ራሱ ከደብዳቤው መወሰድ አለበት። የማስጠንቀቂያ ጊዜ የተሰጠው ሠራተኛ ውሉ የሚያበቃው ጊዜው ሲያልቅ እንጂ ደብዳቤው እጁ በገባበት ቀን አይደለም።

ስለ ሥራ ልምድ ደብዳቤ ካነሳን፣ የተሰናበተ ሰው ትልቁ ፍርሃት እዚያ ላይ ነው። «ምን ብለው ይጽፉብኝ ይሆን?» ብሎ ብዙው ሰው ደብዳቤውን ሳይጠይቅ ይቀራል፤ ደብዳቤ ከሌለ ደግሞ ሥራውን ከሲቪው ይሰርዘዋል። አምስት ዓመት ልምድ እንዲህ ባዶ ይሆናል። አዋጁ በአንቀጽ 12 አሠሪው የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ማስረጃ በነጻ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ይዘቱንም ይናገራል፦ የሠራው የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑ፣ ሲከፈለው የነበረው ደመወዝ። የተቋረጠበት ምክንያት ከእነዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ስለዚህ ማመልከቻ ሲጻፍ «ማስረጃ ይሰጠኝ» ብሎ ከማቆም፣ አንቀጹን ጠቅሶ ሦስቱ ነገሮች ተዘርዝረው እንዲጻፉ መጠየቅ የተሻለ ነው። ብዙ የሥራ ማስታወቂያ ከግል ድርጅት የሚቀርብ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን እንዲገልጽ ስለሚጠይቅ፣ ያንንም በዚያው ማስጨመር ነው። ድርጅቱ ንብረት አላስረከብክም ብሎ ቢያዘገይ ክሊራንሱን በቶሎ ማስፈረም፣ ያለ ምክንያት እምቢ ቢል ደግሞ የአካባቢው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ዘንድ አቤት ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ፤ በጥፋት ወደ ተሰናበተ ሰው። አዋጁ ያለ ማስጠንቀቂያ ከሚያሰናብቱ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ የጠቀሰው፣ ሠራተኛው በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ማርፈድ ነው። መርካቶ አካባቢ በአንድ አከፋፋይ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ የነበረ፣ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ቆዬ ፈጬ የገባ ሰው ይህ ቢደርስበት አይደንቅም። ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ታክሲ ይሰለፋል፤ ሁለት ሰዓት የሚገባው ሰው ሁለት ተኩል ይደርሳል። ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት፣ ፈረመ፣ ደገመ፣ ተሰናበተ። አራት ዓመት ከሁለት ወር ሠርቷል።

ሲቪው ላይ ስለ ስንብቱ አንድም ቃል አይጽፍም። ይህ መደበቅ አይደለም። ሲቪ የሠሩትን የሚናገር ወረቀት ነው፤ በራሱ ፈቃድ የለቀቀውም ቢሆን ምክንያቱን አይጽፍበትም። መደበቅ የሚሆነው ሥራውን ሲሰርዘው፣ ወሩን ገፍቶ ክፍተቱን ሲሞላ ወይም የድርጅቱን ስልክ ትቶ የወዳጁን ስልክ «የቀድሞ ኃላፊ» ብሎ ሲያስቀምጥ ነው። ስለዚህ መስመሩ ሙሉ ይሁን፦ የሥራ መደቡ፣ የጀመረበትና ያበቃበት ወርና ዓመት፣ የሠራው ሥራ። የወር መዝጊያ ሒሳብ፣ የባንክ ማስታረቂያ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ ያዘጋጅ እንደነበር በግልጽ ይጻፍ። ማርፈዱ ያን ሥራ አያጠፋውም።

ጥያቄው የሚመጣው ቃለ መጠይቅ ላይ ነው። «ከቀድሞ መሥሪያ ቤትዎ ለምን ለቀቁ?» ሲባል አንደበቱ ላይ የሚመጣው መልስ ይህን ይመስላል፦ «አለቃዬ ከመጀመሪያውም ዓይኑ አልወደደኝም። ሌላው ሲያረፍድ ዝም ይባላል፤ እኔ ላይ ሲሆን ወረቀት ይጻፋል። ዘመድ የሌለው ሰው እዚያ አይቆይም።» ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት የማያውቅ ማን አለ? ነገር ግን ጠያቂዎቹ ያንን አለቃ አያውቁትም፣ ማጣራትም አይችሉም። እነሱ ፊት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ይህ ሰው ነገ ስለ እኛም እንዲህ ይላል ብለው ያስባሉ። የምሬት ምልክቱ የድምፅ መጋል ብቻ አይደለም። ያልተጠየቀ የአለቃ ስም ይጠራል፣ «ሆን ብለው»፣ «በቂም»፣ «ያለ አግባብ» የሚሉ ቃላት ይደረደራሉ፣ ጥያቄው አንድ ሲሆን መልሱ ወደ ሦስት ታሪክ ይበዛል።

ያው ሰው እንዲህ ሊመልስ ይችላል፦ «የሥራ ውሌ የተቋረጠው ሰዓት ባለማክበር ነው፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ነበር። ያን ጊዜ ወደ ቆዬ ፈጬ ገብቼ ልጄን የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ አስቀድሜ ማስተካከል ነበረብኝ። አሁን ልጄ እዚያው ሰፈር ትምህርት ቤት ገብቷል። ላለፉት አምስት ወራት በጊዜያዊነት የምሠራበት ቦታ ሁለት ሰዓት ነው የምገባው፤ የፊርማ መዝገቡን ጠይቃችሁ ማየት ትችላላችሁ።»

መልሱ አራት ነገር ብቻ ይዟል። ምን እንደሆነ በስሙ ተጠራ፤ የራሱ ድርሻ በአጭሩ ተነገረ፤ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ ተገለጸ፤ ሊጣራ የሚችል ነገር ቀረበ። የመጨረሻው ከሌለ የፊተኞቹ ቃል ብቻ ሆነው ይቀራሉ፤ «ተምሬበታለሁ» ማለት ማንም የሚለው ነው። መልሱ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ካለቀ በኋላም ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚበላሸው ጠያቂዎቹ ማስታወሻ ሲይዙ የሚፈጠረውን ዝምታ መሸከም አቅቶት ማብራራት ሲጀምር ነው።

ይህ አካሄድ ልክ አለው። ስንብቱ በገንዘብ ጉድለት ወይም በስርቆት የሆነ ሰው ባንክ ገንዘብ ከፋይ ሆኖ ለመመለስ ቢሞክር ምንም ያህል አሳምሮ ቢናገር አይሳካለትም። እንዲህ ያለ ሰው ቢያንስ ለጊዜው ጥሬ ገንዘብና ንብረት በእጁ የማይገባበትን የሥራ መደብ መፈለግ ይበጀዋል፤ ለዚያ ሲጠየቅም እውነቱን ይናገራል።

በሌላ በኩል ስንብቱን በፍርድ ቤት የሚሞግት ሰው አለ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ጥያቄ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ ስላለበት ብዙዎች ሥራ እየፈለጉ ነው የሚካሰሱት። ክሱ ሲቪም ማመልከቻም ላይ አይጻፍም። ከተጠየቀ «አሠሪው ውሉን አቋርጧል፤ በምክንያቱ ስላልተስማማን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው» ማለት ይበቃል፤ ዝርዝሩን ለጠበቃ መተው ነው። ውሳኔ ከተሰጠ ደግሞ ነገሩ ይቀላል፦ «ፍርድ ቤቱ ውሉ የተቋረጠው በሕገ ወጥ መንገድ ነው ብሎ ወስኗል፤ ካሳው ተከፍሎኛል።» ይህ ከሳሹ የራሱን ቁስል የሚያወራበት ሳይሆን ሌላ አካል የወሰነው ነገር ነው። ምሬት አይመስልም፣ የሚጨመርበትም የለም።

በሙከራ ጊዜ የተሰናበተ ሰው ጉዳይ ደግሞ ለየት ይላል። አዋጁ የሙከራ ጊዜን ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ወስኖታል፤ እንዲህ አጭር የሆነን ሥራ ከሲቪ መተው እንደ ውሸት አይቆጠርም፣ ሲቪ ሁሉን እንዲዘረዝር የሚያስገድድ የለምና። ቅጹ «እስከ ዛሬ የሠሩባቸውን መሥሪያ ቤቶች በሙሉ» ካለ ግን እሱም ይጻፋል፤ ሳጥኗ ውስጥም «በሙከራ ጊዜ ውሉ ተቋርጧል» ይባላል።

በሲቪና በቅጽ መካከል ያለው ይህ ልዩነት ሊዘነጋ አይገባም። ሲቪን ሰው እንደፈለገ ያሰናዳዋል፤ ቅጽ ግን ጥያቄ ነው፣ የሚፈረምበትም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያውቀው የተባበሩት መንግሥታት የግል ታሪክ ቅጽ፣ ፒ 11 የሚባለው፣ በእያንዳንዱ የቀድሞ ሥራ ሥር የለቀቁበትን ምክንያት ይጠይቃል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ አመልካቹ የሰጠው መልስ እውነት መሆኑን፣ ሐሰት ወይም የተተወ ዋና ነገር ቢገኝ ከሥራ ሊያሰናብት እንደሚችል መረዳቱን አረጋግጦ ይፈርማል። እዚያ ሳጥን ውስጥ «በራስ ፈቃድ» ብሎ መጻፍ ያለፈውን ስንብት አይሸፍንም፤ ለሚቀጥለው ምክንያት ያዘጋጃል። በቅነሳ የወጣው «የሠራተኛ ቅነሳ» ወይም «የፕሮጀክት መዘጋት» ይበል። የተሰናበተው «በአሠሪው ተቋርጧል፤ በቃለ መጠይቅ አስረዳለሁ» ቢል ሳጥኗም ትሞላለች፣ የሐሰት ቃልም አይፈርምም።

የቀረው የምስክሮች ዝርዝር ነው። ቀጣሪ የሚደውለው ለእነሱ ስለሆነ፣ ሲቪው ከመላኩ በፊት አመልካቹ ራሱ ይደውል። ከተሰናበቱበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥራውን በቅርብ ያየ፣ ከስንብቱ ውሳኔ ግን የራቀ ሰው አይጠፋም፤ የሌላ ክፍል ኃላፊ፣ የቀድሞ የቅርብ አለቃ፣ የኦዲት ባለሙያ። ከእሱ የሚፈለገው ውሸት አይደለም። ያ የሒሳብ ሠራተኛ ቢሆን ስልኩን አንስቶ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ስምዎትን ምስክር አድርጌ ልሰጥ ነው፣ ይፈቅዱልኛል? ለምን እንደወጣሁ ከጠየቁኝ በሰዓት ምክንያት እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ለእርስዎም ከደወሉ ያንኑ ይበሉ፤ ስለ ሒሳቡ ሥራ ግን የሚያውቁትን ይንገሩልኝ።»